የወፈረና የሚፈረፈር ጥፍር፤ መድኃኒቱ ሦስት ወር፥ ጥፍሩ ግን ዓመት

የእግር አውራ ጣት ጥፍር መበላሸት ሲጀምር በመጀመሪያ ከጫፉ ወይም ከጎኑ ነጣ ይላል፥ ወይም ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎም ይወፍራል፤ ከሥሩም እንደ ደረቀ አይብ ያለ ፍርፋሪ ይጠራቀምበታል። በመጨረሻም መቍረጫ ሲያገባበት በወጉ በመቈረጥ ፈንታ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። የሚያም ነገር ስላልሆነ ብዙ ሰው በካልሲ ሸፍኖት ዓመታት ያሳልፋል። ወደ ሐኪም መሄድን የሚያስበውም ጫማው ሲጠበው፥ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማውን ባወለቀ ቍጥር እግሩን መደበቅ ሲጀምር ነው።

ይህ ሰው ታክሞ መድኃኒት ከተቀበለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናክለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ጊዜ ነው። የታዘዘለትን ክኒን ሦስት ወር ሙሉ ውጦ ሲጨርስ ጥፍሩን ይመለከታል፤ ጥፍሩ ግን አሁንም ቢጫ ነው፥ አሁንም ወፍራም ነው። «ገንዘቤን በከንቱ አፈሰስሁ» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ወይም ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ዳሩ ግን መድኃኒቱ በዚያው ጊዜ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ሕክምናው በእውነት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፥ ያን ያህል የሚወስድበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ፥ መዳንና አለመዳንም በምን ምልክት እንደሚለይ እናስረዳለን።

ጥፍር እንዴት ያድጋል?

ከጣታችን ላይ የምናየው ጥፍር ሕይወት የሌለው ነገር ነው። የተሠራውም ከጠጕር፥ ከቀንድና ከሰኮና ጋር አንድ ከሆነ፥ ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር ነው። ሕይወት ያለው ክፍል ከቆዳው እጥፋት በታች የተሸሸገው ሥሩ ነው። ሥሩ ሁልጊዜ አዲስ ጥፍር ይሠራል፤ አዲሱም አሮጌውን ወደ ፊት እየገፋ ያስኬደዋል። እንግዲህ አንድ ጊዜ የተበላሸ ጥፍር እንደ ቍስል ሽሮ መልኩን አይመልስም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጤናማ ጥፍር ከሥር እየበቀለ የተበላሸውን ወደ ጫፍ ገፍቶ እስኪያወጣውና እስኪቈረጥ ድረስ መጠበቅ ነው።

ይህን ነገር እናቶች ሁሉ በዐይናቸው አይተውታል። እንሶስላ የሞቀች ሴት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥፍሯን ብትመለከት ከሥሩ በኩል ቀለም ያልነካው አዲስ ጥፍር ብቅ ብሎ ታገኘዋለች። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ጥፍሩ ወደ ፊት ተጓዘ እንጂ። በቀለመውና ባልቀለመው መካከል ያለው ድንበርም ከወር ወደ ወር ወደ ጫፍ ይሄዳል። የእጅና የእግር ጥፍሯን አስተያይታ እንደ ሆነ ደግሞ የእግሯ ድንበር እጅግ ዘግይቶ እንደሚጓዝ ታውቃለች።

ልኩም ይህ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ሲያድግ፥ የእግር ጥፍር የሚያድገው የዚያን ግማሽ፥ ማለት በወር 1 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የእግር የደም ዝውውር ሲደክም በወር 1 ሚሊሜትር ብቻ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ከዚህም የተነሣ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ይህን ጕዞ በብዙ የሚያፋጥን ክኒንም ቅባትም የለም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው አዲስ የሚበቅለው ጥፍር በበሽታው እንዳይያዝ መጠበቅ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ምንድር ነው?

ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚባለው ረቂቅ ነገር ነው። በልጆች ራስ ላይ ቆረቆርን፥ በገላ ላይም ጭርትን የሚያመጡት ፈንገሶች ከእርሱ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁሉም ምግባቸው ኬራቲን ነው። በእግር ጥፍር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ዐይነት ነው።

ይህ ፈንገስ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ጥፍሩን አይዝም። አስቀድሞ በጣቶች መካከል ወይም በውስጥ እግር ላይ ይሰፍራል። በዚያም ቆዳው ይነጣል፥ ይላጣል፥ ያሳክካል፤ አንዳንድ ጊዜም ውስጥ እግሩ ዱቄት እንደ ነካው ደርቆ ከመቅረት በቀር ሌላ ምልክት አይታይበትም። ከዚያ በኋላ በጥፍሩ ጫፍ ሥር ገብቶ ጥፍሩ በተኛበት ሥጋ ላይ እየተስፋፋ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ይዘልቃል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ስለ መልሶ መያዝ ስንናገር ነው፤ ጥፍሩን አክሞ ቆዳውን የተወ ሰው የጠላቱን ቤት ሳያፈርስ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ሰው ነውና።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ምርመራ

የወፈረና የቢጫ ጥፍር ሁሉ የፈንገስ ነው ማለት አይቻልም። ወፍረው ወይም ተበላሽተው ከሚታዩት ጥፍሮች መካከል በፈንገስ የተያዙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ጠባብ ጫማ ለብዙ ዓመት የጫነው ጣት፥ ድንጋይ ወድቆበት ሥሩ የተጐዳ ጥፍር፥ እንዲሁም ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ይህንኑ መልክ ያመጣሉ። እነዚህን የፈንገስ መድኃኒት ምንም አይረዳቸውም። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ በጉበት በኩል የሚያልፍ ክኒን ከመዋጥ በፊት ጥፍሩን ማስመርመር ይገባል።

ምርመራው ሕመም የለውም። ሐኪሙ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያው የላላውን የጥፍር ጫፍ ቈርጦ ካነሣ በኋላ፥ ከሥሩ ያለውን ፍርፋሪ በተቻለ መጠን ከውስጥ በኩል፥ ጤናማው ክፍል ከሚጀምርበት አጠገብ ፍቆ ይወስዳል። ሕያው ፈንገስ የሚገኘው በዚያ ነውና፤ ከጫፉ ብቻ የተወሰደ ፍርፋሪ ግን ብዙ ጊዜ ያታልላል። ፍርፋሪው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር የጥፍሩ ነገር ይሟሟል፤ የፈንገሱ ክሮች ግን ስለማይሟሙ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ይህ በዚያው ቀን ሊታወቅ ይችላል። ዐይነቱን ለመለየት ፈንገሱን በላቦራቶሪ ማብቀል ሲያስፈልግ ግን ከ3 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምራለን። የፈንገስ ቅባት ሲቀባ የቆየ ሰው ይህን ለመርማሪው አስቀድሞ ይንገር፤ ቅባቱ ፈንገሱን ሳያጠፋው ከምርመራ ሊሰውረው ይችላልና። ሁለተኛም፥ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «አልተገኘም» መባል «የለም» ማለት አይደለም፤ የጥፍሩ መልክ ፈንገስ የሚመስል ከሆነ ሐኪሙ ምርመራውን ያስደግማል።

መድኃኒቶቹና የሚወስዱት ጊዜ

ዛሬ ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚያዙት ክኒን ተርቢናፊን ነው። ለአዋቂ ሰው ልኩ በቀን አንድ ጊዜ 250 ሚሊግራም ሲሆን፥ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት፥ ለእጅ ጥፍር ደግሞ 6 ሳምንት ይወሰዳል። ጥፍሩ ለመተካት ዓመት የሚፈልግ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ በ12 ሳምንት የሚቆምበት ምክንያት አለው። ተርቢናፊን በጥፍሩ ውስጥ ስለሚጠራቀም፥ መዋጡ ከቆመ በኋላም ለወራት በዚያው ይቈያል፤ ሥራውንም ይቀጥላል። ስለዚህ ክኒኑ ያለቀበት ቀን ሕክምናው ያለቀበት ቀን አይደለም።

ኢትራኮናዞል የሚባል ሌላ ክኒንም አለ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት በየቀኑ 200 ሚሊግራም ይወሰዳል፤ አንዳንድ ጊዜም በወር ውስጥ አንድ ሳምንት ብቻ በየቀኑ 400 ሚሊግራም እየተወሰደ ሦስት ሳምንት ይታረፋል፤ ይህም ለሦስት ወር ይደጋገማል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም፤ ከብዙ ሌሎች መድኃኒቶች ጋርም አይስማማም።

ለሚጾሙ ቤተሰቦች በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሊታወቅ ይገባዋል። ተርቢናፊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰድ ስለሚችል፥ ጾመኛ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ማታ በአንድ ሰዓት ወስኖ ቢውጠው ምንም አይጐድልበትም። የኢትራኮናዞል ካፕሱል ግን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ከሙሉ ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ እንደ ሆነ ከመድኃኒቱ ብዙው ይባክናል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትም እንዲሁ ያዳክመዋል። ስለዚህ ይህን የሚወስድ ሰው የመዋጫውን ሰዓት ከምግቡ ጋር ያስተባብር፤ በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ከሆነ ግን የጾሙን ነገር ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ይንገር።

ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው አሮጌ መድኃኒት ለልጆች ቆረቆር እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ለእግር ጥፍር ግን ከ12 እስከ 18 ወር በየቀኑ መዋጥ ስለሚጠይቅና የሚያድነውም ጥቂቱን ስለሆነ፥ ሌላው ከተገኘ በኋላ ተመራጭ መሆኑ ቀርቷል።

በጥፍር ላይ የሚቀባ ፈሳሽም አለ። ሲክሎፒሮክስ በየቀኑ ለ48 ሳምንት ይቀባል፤ አሞሮልፊን ደግሞ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እስከ ዓመት ድረስ ይቀባል። እነዚህ የጉበትን ነገር አያሳስቡም፤ ነገር ግን ወፍራሙን ጥፍር ዘልቆ መግባት ስለሚቸግራቸው ኀይላቸው ትንሽ ነው። ሲክሎፒሮክስ ብቻውን ጥፍርን ፍጹም ንጹሕ የሚያደርገው ከ100 ሰው ከ10 ለሚያንሱት ነው። የሚስማሙትም በሽታው ከጫፍ ጥቂት ብቻ ለያዘው ጥፍር፥ ወይም ክኒን መዋጥ ለተከለከለ ሰው ነው።

ክኒኑስ ምን ያህል ያድናል? ተርቢናፊን በታዘዘው ልክ ለ12 ሳምንት ከተወሰደ በኋላ፥ ሕክምናው በተጀመረ በ48ኛው ሳምንት ሰዎቹ በተመረመሩ ጊዜ፥ ከ100ው በ70ው ጥፍር ውስጥ ፈንገስ አልተገኘም። ዳሩ ግን ከፈንገሱም ነጻ ሆኖ መልኩም ፍጹም የጠራ ጥፍር የነበራቸው 38 ያህል ብቻ ነበሩ። በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያሉት ሰዎች ፈንገሱ ሞቶላቸው ጥፍራቸው ገና በመንገድ ላይ ያለ፥ ወይም ሥሩ አስቀድሞ ተጐድቶ ጥፍሩ ጥቂት እንደ ወፈረ የሚቀር ነው። መዳን ሁልጊዜ የልጅነትን ጥፍር መመለስ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የአንዲት እናት ጥፍር በወራት ሲቈጠር

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ አንዲት የ52 ዓመት እናት እናስብ። የቀኝ እግራቸው የአውራ ጣት ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ 15 ሚሊሜትር ነው። ከጫፉ ወደ ውስጥ 9 ሚሊሜትሩ ቢጫና ወፍራም ሆኗል፤ ከሥሩ በኩል ያለው 6 ሚሊሜትር ግን ገና ጤናማ ነው። ምርመራው ፈንገስ መሆኑን አረጋገጠ፤ የጉበታቸውም የደም ምርመራ ደኅና ሆነ። መስከረም 1 ቀን ተርቢናፊን ጀመሩ።

በዚያው ቀን በጤናማውና በታመመው መካከል ባለው ድንበር ላይ በጥፍር ሞረድ ጠርዝ ቀጭን አግድም መስመር ጫሩ። መስመሩ ላይ ላዩን ብቻ መሆን አለበት፤ ጠልቆ ሥጋ ሊነካ አይገባውም። ይህች መስመር ከሥጋው ጋር ሳይሆን ከጥፍሩ ጋር ስለምትጓዝ፥ በየወሩ መጀመሪያ ከቆዳው እጥፋት እስከ እርስዋ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው በወረቀት ይጽፋሉ። መስመሩ የደበዘዘ እንደ ሆነ በዚያው ስፍራ ይታደሳል።

ጥፍራቸው በወር 1.2 ሚሊሜትር የሚያድግ ነው እንበል። የመጨረሻውን ክኒን የሚውጡት ኅዳር 24 ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ መስመሯ የተጓዘችው 3.4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከመስመሯ ፊት ያለው የታመመው ክፍል ደግሞ ገና ከ5 ሚሊሜትር ተኩል በላይ ቀርቷል። እንግዲህ ክኒኑ ባለቀበት ቀን ከታመመው ጥፍር የሚበልጠው በጣታቸው ላይ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቈርጠው እዚህ ላይ ነው። እኚህ እናት ግን ጫፉን ሳይሆን ከመስመሯ በስተኋላ ያለውን ያያሉ፤ በዚያ ያለው አሁን 9 ሚሊሜትር ተኩል የሚሆን ስስ፥ ለስላሳና ጥርት ያለ ጥፍር ነው። ቢጫው መስመሩን ወደ ኋላ አላለፈም። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት መጠበቅና መቍረጥ ነው። በጥር መጨረሻ መስመሯ 6 ሚሊሜትር ተጕዛ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራታል። በሚያዝያ እኩሌታ፥ ማለት ከተጀመረ ሰባት ወር ተኩል ሲሆን፥ የመጨረሻው ቢጫ ጥፍር ከጫፍ ይቈረጣል።

ጥፍራቸው እስከ ሥሩ ተይዞ ቢሆን ኖሮ 15ቱም ሚሊሜትር መጓዝ ስላለበት ዐሥራ ሁለት ወር ተኩል ይፈጅ ነበር። ጥፍሩ በወር 1 ሚሊሜትር ብቻ ለሚያድግለት ሽማግሌ ደግሞ ይኸው ጥፍር 15 ወር ይፈልጋል። ሰው ሁሉ በዚህ ዐይነት የራሱን ማስላት ይችላል፤ የታመመውን ርዝመት በሚሊሜትር ለክቶ በሁለት ወር ውስጥ ባገኘው የወር ዕድገት ማካፈል ብቻ ነው።

ሕክምናው አለመሥራቱ በምን ይታወቃል?

ቢጫው ከመስመሩ አልፎ ወደ ሥሩ ከተመለሰ፥ ወይም ከሥር አዲስ የሚበቅለው ጥፍር ራሱ ወፍሮና ተበላሽቶ ከወጣ፥ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል። ይህን ለመፍረድ የሚበቃው ጊዜ ከጅማሬው ስድስት ወር ያህል ነው፤ ከሦስተኛው ወር በፊት ግን ማንም ሊፈርድ አይችልም። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚጠይቀው ክኒኑ በትክክል ተውጦ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያው ምርመራ ፈንገስ መሆኑ ተረጋግጦ እንደ ሆነና ጥፍሩ ከነጭራሹ ማደጉን አቁሞ እንደ ሆነ ነው።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። በጥፍሩ ውስጥ ከጫፍ ወደ ሥር የሚሄድ ወፍራም የቢጫ ሰንበር የታየ እንደ ሆነ፥ በዚያ ፈንገሱ እንደ ጕብታ ተከማችቷልና መድኃኒቱ ወደ መካከሉ አይደርስም። ያ ክፍል በባለሙያ እጅ ተቈርጦ ወይም ተሞርዶ መነሣት አለበት። በጠቅላላውም ወፍራሙን ጥፍር በየሁለት ሳምንቱ እግርን በለብ ያለ ውኃ ነክሮ ከማለስለስ በኋላ ማሳጠርና በሞረድ ማሳሳት ሕክምናውን ይረዳል፤ ጫማም እንዳይጫነው ያደርጋል። መቍረጫውና ሞረዱ ለዚያ ጥፍር ብቻ የተለየ ይሁን፤ ለቤተሰብም አይዋስ። በምላጭ መፋቅ፥ በረኪና ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር መጨመር ግን ቆዳውን ያቈስላል እንጂ ፈንገሱን ከጥፍሩ ሥር አያወጣውም።

መጠንቀቅ የሚገባቸው ሰዎች

ተርቢናፊን ለብዙው ሰው የሚስማማ መድኃኒት ነው። አንዳንዱን ሆዱን ይረብሸዋል፤ ጥቂቶችም የምግብ ጣዕም ለሳምንታት ይጠፋባቸዋል። ጉበትን የሚጐዳው አልፎ አልፎ ነው፤ ሆኖም ሲጐዳ ጕዳቱ ከባድ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የጉበት የደም ምርመራ ይደረጋል። በመካከልም ሽንት እንደ ሻይ የጠቈረ፥ የዐይን ነጩ ቢጫ የሆነ፥ ገላ ሁሉ ያሳከከ ወይም ያለ ምክንያት የማቅለሽለሽና የድካም ስሜት የበረታ እንደ ሆነ፥ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። የጉበት በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የጥፍሩን ሕክምና እስከ በኋላ ብታቈየው ጥፍሩ የሚያመጣባት አደጋ የለም። የደም ግፊት፥ የልብ ወይም የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ያሳይ።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ነገሩን «የመልክ ጕዳይ ነው» ብሎ መተው አይገባውም። እግሩ ስሜት የደነዘዘ እንደ ሆነ፥ የወፈረው ጥፍር ከሥሩ ያለውን ሥጋ ሲያቈስል አይሰማውም፤ በዚያች ጠባብ ቍስል የገባ ልክፍትም ጣትን፥ አንዳንድ ጊዜም እግርን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጥፍሩን ራሱ ከመቍረጥ ይልቅ በባለሙያ ያስቈርጥ፤ ቤተሰቡም እግሩን በየቀኑ ይይለት። በመጨረሻም ጥፍር ላይ ያለው ቀለም ቢጫ ሳይሆን ጥቍር ወይም ቡናማ ሰንበር ሆኖ እየሰፋ የሄደ፥ ወይም ወደ አጠገቡ ቆዳ የፈሰሰ እንደ ሆነ፥ ይህ የፈንገስ ነገር ላይሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ለቆዳ ሐኪም ይታይ። ይህ ምልክት አንዳንድ ጊዜ የካንሰር ምልክት ነው።

ከዳነ በኋላ

ከዳኑት ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጥ እንደ ገና ይያዛል። ፈንገሱ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ካልታከመው የጣቶች መካከል ወይም ከአሮጌው ጫማ ነው። ስለዚህ የጣቶች መካከል የተላጠ እንደ ሆነ ክኒኑ እየተወሰደ ሳለ ቆዳውም በቅባት ይታከም፤ የተርቢናፊን ቅባት ከ1 እስከ 2 ሳምንት፥ የክሎትሪማዞል ቅባት ደግሞ 4 ሳምንት ይቀባል። በቤት ውስጥ እንዲሁ የሚያሳክከው ሌላ ሰው ካለ አብሮ ይታከም፤ አለዚያ በአንድ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሲለዋወጡት ይኖራሉ።

እግር በታጠበ ቍጥር በጣቶች መካከል ያለው ርጥበት በሚገባ ይደረቅ፤ ፎጣውም ለየራስ ይሁን። ካልሲ በየቀኑ ይለወጥ። ሁለት ጫማ ያለው ሰው አንዱን ሲጫማ ሌላውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያድርቀው፤ በሽታው በበረታበት ጊዜ ይለበስ የነበረው ያረጀ ጫማ ግን ቢጣል ይሻላል። ጫማ ተወልቆ በሚገባበትና የብዙ ሰው እግር በሚረግጠው ምንጣፍ ላይ ሲቆም ንጹሕ ካልሲ ማድረግ ራስንም ሌላውንም ይጠብቃል።

ጥፍሩ ጥርት ብሎ ካደገ በኋላም ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ መጀመሪያ ጫፉንና ጎኖቹን በብርሃን መመልከት ይገባል። አዲስ የነጣ ወይም የቢጫ ነጥብ ከታየ ገና 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ሳለ ለሐኪም ይታይ፤ በዚያን ጊዜ በሚቀባው ፈሳሽና በአንድ ሁለት ወር ዕድገት ሊወገድ የሚችለው፥ እስከ ሥሩ ከዘለቀ በኋላ ግን እንደ ገና ዓመት ያስጠብቃል።